የቤት ማዮኔዝና ጥሬ እንቁላል፦ በሎሚው አትተማመኚ

«ለልጄ ልደት ማዮኔዝ ቤት ልሰራ ነው፣ እንቁላሉ ጥሬ መሆኑ ችግር አለው? ሎሚ ስለሚገባበት ጀርሙን ይገድለዋል የሚሉኝ አሉ። ባሌም ጠዋት ጠዋት ጥሬ እንቁላል በወተት መትቶ ይጠጣል።»

እህቴ እኔም እንዳንቺ ሎሚው ይበቃል ብዬ ነው የተቃጠልኩት። እዚሁ አሜሪካ የልጄ ክርስትና ላይ ለድንች ሰላጣ ማዮኔዝ ሰራሁ፣ 3 አስኳል፣ የግማሽ ሎሚ ጭማቂ፣ 2 ኩባያ ዘይት፣ እንደጨረስኩ ወዲያው ፍሪጅ ከተትኩትና አደረ። በማግስቱ ሰላጣው ጠረጴዛ ላይ አራት ሰዓት ያህል ቆየ። በነጋታው ማታ የእህቴን የ3 ዓመት ልጅ ትኩሳትና ተቅማጥ ያዘው፣ ከዛ እህቴን (የ7 ወር እርጉዝ ነበረች)፣ ከዛ አማቴን።

1. እንቁላሉን ማጠብ አያድንም። ሳልሞኔላ የሚባለው በሽታ አምጪ ባክቴሪያ ቅርፊቱ ላይ ብቻ አይደለም ያለው፣ ዶሮዋ ራሷ ከያዛት ቅርፊቱ ሳይሰራ ውስጡ ይገባል። የኔ እንቁላል ከገበሬ የተገዛ፣ የዛን ሳምንት የተጣለ፣ ንፁህ ነበር። ሰውየውን ስጠይቀው «የኔ ዶሮዎች ሜዳ ላይ ነው የሚውሉት፣ በሽታ የለባቸውም» አለኝ። ሜዳ መዋላቸው ከዚህ ጋር ምንም አይገናኝም፣ እንቁላሉም አይሸትም፣ መልኩም አይለወጥም፣ ስለዚህ በአይን አትለዪውም።

2. ሎሚው። አሲድ ይገድላል የሚሉሽ ሙሉ በሙሉ አልዋሹም፣ ግን መጠኑ በቂ መሆን አለበት፣ ጊዜም ይፈልጋል፣ ቅዝቃዜ ደሞ ስራውን ያዘገየዋል። እኔ ግማሽ ሎሚ ጨምሬ ወዲያው ፍሪጅ ስከተው ባክቴሪያው እንዳይራባ ይዤዋለሁ እንጂ አልገደልኩትም። ይሄን ስልሽ ደሞ ውጭ አሳድሪው ማለቴ አይደለም! የቤት ሎሚ አንዱ ይጎመዝዛል አንዱ ውሃ ነው፣ በሱ ላይ ሰው አይጋበዝም።

ክሊኒክ ስንሄድ ተቀባይዋ ቀና ብላ ሳታየን የሆድ ጉንፋን ነው፣ ውሃ ስጡት፣ ሂዱ አለችን። ልጁ ከንፈሩ ደርቆ ነበር። ማታ ድንገተኛ ክፍል ወሰድነው፣ ግሉኮስ ተደረገለት፣ ሰገራው ሲመረመር ሳልሞኔላ ተባለ፣ ቢሉ ከ1,800 ዶላር በላይ መጣ። ጤነኛ አዋቂ ብዙ ጊዜ ከ4 እስከ 7 ቀን ተሰቃይቶ ይድናል፣ ከ5 ዓመት በታች ያለ ልጅ፣ እርጉዝና ሽማግሌ ግን ሊከፋባቸው ይችላል፣ ልደት ላይ የሚመጣው ደሞ እነሱው ናቸው።

3. አሁን የምሰራው በፓስቸራይዝድ እንቁላል ብቻ ነው። እንቁላሉን ከነቅርፊቱ ሙቀቱ በትክክል በተያዘ ውሃ፣ 57 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ፣ ከአንድ ሰዓት በላይ ያቆዩታል፣ ባክቴሪያው ሲሞት እንቁላሉ ግን አይበስልም። አንዳንድ ሱፐርማርኬት ከሌላው እንቁላል ጎን ታገኚዋለሽ፣ ሳጥኑ ላይ «ፓስቸራይዝድ» የሚል ፈልጊ፣ «ኦርጋኒክ» ወይም «ኬጅ ፍሪ» ማለት ሌላ ነገር ነው። ነጩ ትንሽ ደፈረስ ይላል፣ ተበላሸ ብለሽ እንዳትጥይው፣ እኔ የመጀመሪያውን ደርዘን ጥያለሁ። ነጩ አረፋ እስኪያወጣ ረዘም ላለ ጊዜ መምታት ይፈልጋል እንጂ አስኳሉ ለማዮኔዝ ምንም አይለውም። ከተሰራ በኋላ ግን እሱም ፍሪጅ ነው፣ ጥሬ ዶሮ የነካ ማንኪያ ከገባበት እንደገና ይበከላል።

ካጣሽው 2 አስኳል፣ 2 የሾርባ ማንኪያ ሎሚ፣ 2 የሾርባ ማንኪያ ውሃ በትንሽ ድስት አድርገሽ በጣም ትንሽ እሳት ላይ እጅሽን ሳታቆሚ አማስዪ፣ ቴርሞሜትሩ 71 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲል ወዲያው ድስቱን ቀዝቃዛ ውሃ ላይ አስቀምጪ፣ ካለዚያ ፍርፍር ይሆንብሻል። ሲበርድ 1 ኩባያ ዘይት በጠብታ በጠብታ እየጨመርሽ ምቺው። እንደዚህ ሰርቼ ለእህቴ ስሰጣት ልዩነቱን አላወቀችም፣ በሱ በጣም ነው ደስ ያለኝ። እንቁላሉን ከነቅርፊቱ ሙቅ ውሃ ውስጥ ነክሬ ራሴ ፓስቸራይዝ አደርጋለሁ ግን አትበዪ፣ ሙቀቱን የሚይዝ ማሽን ከሌለሽ ትንሽ ሲጎድል ባክቴሪያው ይተርፋል፣ ሲበዛ እንቁላሉ ይበስላል።

ባልሽን በተመለከተ፣ የኔም ወንድም ጂም የጀመረ ሰሞን ለጉልበት እያለ እንደዛ ያደርግ ነበር። የጥሬ እንቁላል ፕሮቲን ከበሰለው ባነሰ ነው ሰውነት የሚወስደው፣ ቀቅሎ ቢበላው ይሻለዋል። መጠጣቱን ካልተወ በካርቶን የሚሸጠውን ፈሳሽ ፓስቸራይዝድ እንቁላል ግዢለት፣ «አብስለህ ብላ» የሚል ካለበት ግን ጥሬውን የሚጠጣ አይደለም፣ አንብቢ። የፈላ ወተት ጥሬ እንቁላል ላይ ማፍሰስ ብቻ አይበቃም፣ ድብልቁ ቶሎ ይበርዳል፣ መልሶ እሳት ላይ አድርጎ እያማሰለ 71 ያድርሰው።

ማዮኔዙን የሰራሽበትን የእንቁላል ሳጥን ደሞ ከልደቱ በኋላ ቢያንስ ለአንድ ሳምንት አትጣይው። በሽታው ከስድስት ሰዓት እስከ 6 ቀን ቆይቶ ሊወጣ ይችላል። እኔን የጤና ቢሮ ደውሎ እንቁላሉ ከየት፣ መቼ ተገዛ፣ ሳጥኑ ላይ ምን ቁጥር አለ ብሎ ሲጠይቀኝ ሳጥኑ በዛው ሰኞ ጠዋት ከቆሻሻው ጋር ሄዶ ነበር።