ኦፈሩን ከመፈረምሽ በፊት፦ ስለ አክስለሬተርና ክሎባክ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፣ ከሐዋሳ ፒያሳ፦ ሰላም ጋሼ። ለሆቴሎችና ለትልልቅ ሱቆች የሒሳብ ሶፍትዌር የሚሸጥ ድርጅት ኦፈር ሰጥቶኛል። ደሞዙ 16,000 ብር ነው። የሩብ ዓመት ታርጌቴ 900,000 ብር። ኮሚሽኑ እስከ ታርጌት 4 በመቶ፣ ከታርጌት በላይ 6 በመቶ ይላል። «ደንበኛው በ6 ወር ውስጥ ውሉን ካቋረጠ ኮሚሽኑ ተመላሽ ይሆናል» የሚል መስመርም አለው። እስከ ዓርብ መልስ ስጪ ብለውኛል። ምኑን ልይ?

መልስ፦ እንኳን ደስ አለሽ እህቴ። ከጻፍሽልኝ ውስጥ ሁለቱ መስመሮች ገና ያላለቁ ናቸው። ዓርብ ከመድረሱ በፊት እነሱን አስጨርሺ።

መጀመሪያ አክስለሬተሩ፣ ማለትም ታርጌቱን ስታልፊ ከፍ የሚለው የኮሚሽን መጠን። «ከታርጌት በላይ 6 በመቶ» ሁለት ዓይነት ይነበባል። በአንደኛው ንባብ 6 በመቶ የሚታሰበው ከ900,000 በላይ ለሸጥሽው ብቻ ነው። በሁለተኛው ታርጌቱን ካለፍሽ ከመጀመሪያዋ ብር ጀምሮ ሁሉም በ6 በመቶ ይታሰባል። በሩብ ዓመቱ 1,200,000 ሸጥሽ እንበል። በአንደኛው ንባብ ለ900,000ው 36,000፣ ለቀሪው 300,000 ደግሞ 18,000፣ ባጠቃላይ 54,000 ብር ታገኛለሽ። በሁለተኛው 72,000 ነው። ልዩነቱ ከአንድ ወር ደሞዝሽ ይበልጣል።

አሁን ክሎባኩን፣ ማለትም የተከፈለሽን ኮሚሽን መልሶ የሚወስደውን መስመር፣ በላዩ ላይ አድርጊበት። ከሸጥሽው ውስጥ 300,000ው የአንድ ሐይቅ ዳር ሆቴል ውል ነበር። ሆቴሉ በአራተኛው ወር ተወው። «ኮሚሽኑ ተመላሽ ይሆናል» ሲሉ የትኛው ኮሚሽን? በ4 በመቶ ከሆነ 12,000 ብር ትመልሻለሽ። በ6 በመቶ ከሆነ 18,000። ሁለተኛው ዓይነት አክስለሬተር ኖሮሽ ያለፈውን ሩብ ዓመት እንደገና ከፍተው ካሰሉት ደግሞ ሽያጭሽ ወደ 900,000 ይወርዳል፣ ታርጌቱን አላለፍሽም ይባላል፣ ኮሚሽንሽም ከ72,000 ወደ 36,000 ይመለሳል። በአንድ ደንበኛ ምክንያት 36,000 ብር ከእጅሽ ወጣ ማለት ነው። ሦስቱንም መልስ ያቺው አንዲት መስመር ትሸከማለች። ስለዚህ ጥያቄሽ ይሄ ይሁን፦ ተመላሹ በየትኛው መጠን ነው የሚታሰበው? የተዘጋው ሩብ ዓመትስ እንደገና ይከፈታል?

ጥያቄ፣ ከአቶቴ፦ እኔ ሴልስ ላይ ቆይቻለሁ። ከመጀመሪያዋ ብር የሚታሰበው ሁሌም ይሻላል። ሆቴሉ ቢያቋርጥ እንኳ በሁለቱም መንገድ መጨረሻ ላይ እጇ የሚቀረው 36,000 ነው። ምን የሚያስፈራ ነገር አለው?

መልስ፦ ሒሳብህ ልክ ነው ወንድሜ። በዚያ ምሳሌ መጨረሻው እኩል ነው። ችግሩ የሚታየው ሽያጭህ ታርጌቱ ጠርዝ ላይ ሲሆን ነው።

905,000 ሸጥክ እንበል። ከመጀመሪያዋ ብር በ6 በመቶ ሲታሰብ 54,300 ብር ተከፈለህ። ቀጥሎ አንዲት ትንሽ ሱቅ የ10,000 ብር ውሏን አቋረጠች። ሽያጭህ 895,000 ሆነ። ከታርጌት በታች ነው፣ ስለዚህ ሁሉም በ4 በመቶ ይታሰባል፤ 35,800። የምትመልሰው 18,500 ብር ነው። ከውሉ ዋጋ ራሱ ይበልጣል። በሌላኛው ዓይነት አክስለሬተር ግን የምትመልሰው 500 ብር ብቻ ነበር።

የአቶቴው ወንድሜ እንዳለው ሲወጡበት ጥሩ ነው፣ እኔም አልጠላውም። ግን «የተቋረጠ ውል ኮሚሽን ተመላሽ የሚሆነው ያ ውል ራሱ በተከፈለበት መጠን ብቻ ነው፣ የተዘጋ ሩብ ዓመት እንደገና አይሰላም» የሚል መስመር ከጎኑ ካልተጻፈ አልፈርምበትም። ያ መስመር ካለ የሱቋ ጉዳይ በ600 ብር ያልቃል።

ሌላም አለ። አንዳንድ ድርጅት የተቋረጠውን ውል ኮሚሽን መልሶ ወስዶ ሲያበቃ፣ የውሉን ዋጋ፣ ለምሳሌ የሆቴሉን 300,000 ብር፣ ከያዝነው ሩብ ዓመት ሽያጭህ ላይም ይቀንሰዋል። ያኔ አንዱ ውል ሁለት ጊዜ ይጎዳሃል፤ ገንዘቡን መልሰሃል፣ የዚህን ሩብ ዓመት አክስለሬተርም አርቆብሃል። አንዱን ይምረጡ ብለህ ጠይቅ።

ጥያቄ፣ ከታቦር፦ ይሄ ሁሉ ጭንቀት ለምን? ሕጉ ከደሞዝ ከሲሶ በላይ መቁረጥ አይፈቅድም። ቢፈልጉስ እንዴት ይወስዱታል?

መልስ፦ ግማሹ እውነት ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንድ ጊዜ የሚቆረጠው ከወር ደሞዝ ሲሶ እንዳይበልጥ ይላል። በእህታችን 16,000 ላይ ሲሶው ወደ 5,333 ብር ነው። ነገር ግን ይኸው አዋጅ ኮሚሽንን ከደሞዝ ትርጉም ውጭ አድርጎታል። ልክ እንደ ቦነስና የትርፍ ሰዓት ክፍያ ማለት ነው። ስለዚህ ሲሶው የሚጠብቅሽ መደበኛ ደሞዝሽን ነው። የሚቀጥለውን ሩብ ዓመት ኮሚሽን ሙሉ በሙሉ ቢያስቀሩት «ከሲሶ በላይ ነው» ብሎ መከራከር ከባድ ነው።

ደሞዝ ላይም ቢሆን ሲሶው የአንድ ጊዜ ጣሪያ ነው እንጂ ዕዳውን አይሰርዝም። በየወሩ እየቆረጡ ሊቀጥሉ ይችላሉ። ደግሞም ደሞዝ ላይ ለመቁረጥ ሕግ፣ የኅብረት ስምምነት፣ የሥራ ደንብ፣ የፍርድ ቤት ትዕዛዝ ወይም የሠራተኛው የጽሑፍ ስምምነት ያስፈልጋል። ኦፈሩ ላይ የምታኖሪያት ፊርማ ያቺ የጽሑፍ ስምምነት ልትሆን ትችላለች። ውሉ «ኮሚሽን ኤጀንት» የሚልሽና ቅጥር ያልሆነ ከሆነ ደግሞ አዋጁ ራሱ ላይሸፍንሽ ይችላል። ይህን መጀመሪያ አረጋግጪ።

ጥያቄ፣ ከአዳማ፦ እኔም ተመሳሳይ ነገር ገጥሞኛል። የግንባታ ዕቃ እሸጣለሁ። ደንበኛ ቼኩን እስኪያስገባ ድረስ አለቃዬ ኮሚሽን አይከፍለኝም። ሁለት ወር ሦስት ወር እጠብቃለሁ። ይሄ ክሎባክ ቀማኛነት ነው!

መልስ፦ መጠበቁ ያማል፣ ይገባኛል። ግን ያንተ ክሎባክ አይደለም ወንድሜ። ክሎባክ አንዴ ኪስህ የገባውን መልሶ መውሰድ ነው። ያንተ ገና አልተከፈለም። ድርጅትህ ኮሚሽን «ተገኘ» የሚለው ውል ሲፈረም ሳይሆን ገንዘብ ሲገባ ነው።

እንዲያውም ጥያቄህ ለፒያሳዋ እህታችን ይጠቅማታል። ገንዘብ ሲገባ የሚከፍል ድርጅት ደንበኛው ሳይከፍል የመቅረቱን አደጋ አስቀድሞ ባንተ ላይ አሳልፎታል፤ አንተ ትጠብቃለህ። ሲፈረም የሚከፍል ድርጅት አደጋውን ራሱ ይዞ ኋላ በክሎባክ ይከላከላል። ሁለቱም የሚገባ ነው። ሁለቱን አንድ ላይ ሲያደርጉት ነው የማይገባው። ገንዘቡ እስኪገባ ጠብቀሽ፣ ከዚያም 6 ወር ተመላሽ ይሆናል ከተባልሽ «ታዲያ 6 ወሩ ከመቼ ይቆጠራል?» በይ። ከፊርማ ቀን ከሆነ ይሻላል። ደንበኛው ከከፈለበት ቀን ከሆነ ሳታውቂው 8 ወይም 9 ወር ሆኖብሻል።

ጥያቄ፣ ከመናኸሪያ አካባቢ፦ ተመላሹ ከታክስ በፊት ነው በኋላ? ጓደኛዬ እጇ ካልገባ ገንዘብ በላይ መልሺ ተባለች።

መልስ፦ ይህን ብዙ ሰው አይጠይቅም፣ ጎበዝ። አሁን ባለው የገቢ ግብር ሠንጠረዥ በወር ከ14,000 ብር በላይ ያለው ገቢ 35 በመቶ ይከፈልበታል። ደሞዙ 16,000 ከሆነ ኮሚሽኑ በሙሉ እዚያ እርከን ላይ ያርፋል። ከ18,000 ብር ኮሚሽን 6,300ው ግብር ሆኖ ይሄዳል፣ እጅ የሚገባው 11,700 ነው።

ተመላሹ ከሚቀጥለው ያልተጣራ ኮሚሽን ላይ ከተቀነሰ ግብሩም አብሮ ይቀንሳል፣ ነገሩ ይካካሳል። ሥራ ከለቀቅሽ በኋላ ግን «18,000 ብር በጥሬው አምጪ» ከተባልሽ 6,300ውን ከራስሽ ኪስ ጨመርሽ ማለት ነው። ጓደኛሽ የገጠማት ይሄ ይመስለኛል። መስመሩ «ሠራተኛው ከለቀቀ ተመላሹ ከግብር በኋላ በተከፈለው መጠን ይሆናል» ቢል ያድናል።

ጥያቄ፣ ከአላሙራ፦ ከለቀቅኩ በኋላስ ጭራሽ ሊጠይቁኝ ይችላሉ? ደንበኛው ያቋረጠው እኔ ከሄድኩ በኋላ ቢሆንስ?

መልስ፦ እዚህ ላይ ቁርጥ ያለ መልስ የለኝም። የሚወስነው ውሉ ላይ የተጻፈው ነው። ስለመልቀቅ ዝም የሚሉ ውሎች ላይ ሰዎች በሁለት መንገድ ሲከራከሩ አይቻለሁ። የእኔ አቋም ግን ግልጽ ነው። ከሄድክ በኋላ ደንበኛውን የሚያገለግለው፣ ቅሬታውን የሚሰማው ሌላ ሰው ነው። እሱ ላጠፋው አንተ ልትከፍል አይገባም። ገንዘቡ ትልቅ ከሆነ ከመፈረምህ በፊት ውሉን ለጠበቃ አሳይ።

ጥያቄ፣ ከሐዋሳ ፒያሳ፦ ጋሼ፣ ተመልሼ መጣሁ። ኤች አሯን ደውዬ ጠየቅኳት። «አክስለሬተሩ ከ900,000 በላይ ላለው ብቻ ነው፣ ክሎባኩ ደግሞ እስካሁን ብዙ ሰው ላይ አልደረሰም» አለችኝ። በኢሜይል ምን ብዬ ልጻፍላት?

መልስ፦ የመጀመሪያው መልሷ ጥሩ ነው፣ በጽሑፍ አስቀምጪው። ሁለተኛው ግን መልስ አይደለም። ብዙ ሰው ላይ ካልደረሰ በጽሑፍ መገደቡ አይከብዳቸውም። እንዲህ ብለሽ ጻፊ፦

«ስለ ኦፈሩ አመሰግናለሁ፣ ሥራውን እፈልገዋለሁ። በስልክ እንደተነጋገርነው 6 በመቶው ከ900,000 ብር በላይ ላለው ሽያጭ ብቻ መሆኑን በዚህ ኢሜይል ቢያረጋግጡልኝ። ስለ ተመላሽ ኮሚሽን ደግሞ ሦስት ነገር እጠይቃለሁ። ተመላሹ ውሉ በተከፈለበት መጠን ይታሰብ፣ የተዘጋ ሩብ ዓመት እንደገና አይሰላ። ደንበኛው በቆየበት ወር ልክ ይቀንስ። ደንበኛው ያቋረጠው በድርጅቱ የገጠማ ወይም የአገልግሎት ጉድለት ከሆነ ተመላሽ አይኑር።»

ሁለተኛዋ ጥያቄ ላይ ጠንከር በይ። 4 ወር ቆይቶ የሄደ ደንበኛ ለድርጅቱ የ4 ወር ገንዘብ አስገብቷል። ስለዚህ ከ18,000ው የምትመልሺው የቀረውን የ2 ወር ድርሻ፣ 6,000 ብር ይሁን። ሦስተኛዋን ላይቀበሉሽ ይችላሉ፣ ምክንያቱም ጥፋቱ የማን እንደሆነ ማጣራት ያከራክራል። እሷን ለመደራደሪያ ያዣት።

«ድርጅቱ ዕቅዱን በማንኛውም ጊዜ ሊቀይር ይችላል» የሚል መስመርም ፈልጊ። አብዛኛው ኦፈር ላይ አለ፣ አያስወጡልሽም። «ከለውጡ በፊት በተፈረሙ ውሎች ላይ አይሠራም» የምትል ሐረግ ግን ይጨምሩልሻል።

ጥያቄ፣ ከሐዋሳ ፒያሳ፦ እሺ። ሦስቱንም እምቢ ቢሉስ?

መልስ፦ ያኔ ክፉውን ሩብ ዓመት በወረቀት አስቢው። ታርጌቱን አልፈሽ 54,000 ተከፈለሽ፣ ያ ትልቁ ሆቴል ሄደ፣ በሚቀጥለው ሩብ ዓመት ደግሞ የሸጥሽው 400,000 ብቻ ነው። 400,000ው 16,000 ብር ኮሚሽን አለው። 18,000 ተመላሽ ሲወጣለት ኮሚሽንሽ ዜሮ ሆኖ 2,000 ብር ዕዳ ይተርፋል። ሦስቱን ወራት በ16,000 ደሞዝ ብቻ፣ ያውም ግብርና ጡረታ ተቆርጦለት፣ የቤት ኪራይሽን ከፍለሽ ትዘልቂያለሽ? የምትዘልቂ ከሆነ ፈርሚና ያ 6 ወር እስኪያልፍ የእያንዳንዱን ትልቅ ውል ኮሚሽን ግማሽ ሳትነኪው አስቀምጪ። የማትዘልቂ ከሆነ የኮሚሽን መጠኑን ትተሽ ደሞዙ ላይ ተደራደሪ።