ለነርስ ምልመላ ቪዲዮ ለምታዘጋጁ ልጆች

«ሲስተር፣ ነርሷ የት ላይ ፈገግ ትበል?» ብላችሁ ጠየቃችሁኝ። ፈገግታውን ተዉት፤ ሲመጣ ይመጣል። እኔን የሚቆጨኝ ሌላ ነው፤ ቪዲዮው ከጠዋት ርክክብ እስከ ማታ ርክክብ ሁሉን ሲያሯሩጥ ሥራው ራሱ ሳይታይ ያልቃል። የጠዋቱን መድኃኒት ብቻ አስፉት፣ ሌላው ቶሎ ይለፍ። የዛሬ ልጆች ቀስ ብሎ የሚሄድ ምስልና ሙዚቃ ትወዳላችሁ፤ እዚህ ሁለቱም አያስፈልጉም።

ትዕይንት 3፤ ዋርድ፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት
ምስል፦ ከነርሷ ትከሻ በላይ። የመድኃኒት ካርዱ በእጇ ነው።
ነርስ፦ «እናቴ፣ ሙሉ ስምዎን ይንገሩኝ። መድኃኒት ተስማምቶዎት የማያውቅ አለ?»
ምስል፦ በጣም ቀርቦ። 1 ግራም ሴፍትሪያክሶን ያለበት ቫያል ውስጥ 10 ሚሊ ሊትር የመርፌ ውሃ ይገባል፤ ዱቄቱ ሟሙቶ እስኪጠራ ይናጣል።
ምስል፦ የካኑላው አፍ በአልኮል ሲጠረግ፣ ከዚያ ሲሪንጁን የሚገፋው አውራ ጣት።

«ወይዘሮ እገሌ ነዎት?» ብላችሁ አትጻፉ። የደከመ ሕመምተኛ ለማንም ስም «አዎ» ይላል፤ ስሙን ራሱ ሲናገር ነው ከካርዱ ጋር የሚመሳከረው።

ብዙ የሚበላሸው ከአልጋው በላይ የሚሰቀለው፣ በደም ሥር የሚሰጠው ፈሳሽ ከረጢት ነው። ለማድመቂያ ያገኙትን ይሰቅላሉ፣ ሪንገር ይሆናል። ሪንገር ካልሲየም አለው፤ ከሴፍትሪያክሶን ጋር በአንድ መስመር ሲገናኝ ዝቃጭ ይሠራል። ጨቅላ ሕፃናት የሞቱበት ስለሆነ በእነሱ ላይ ጥንቃቄው የባሰ ነው። አዋቂ ታካሚ ሪንገር ላይ ከሆነ ነርሷ መጀመሪያ ታቆመዋለች፣ መስመሩን በኖርማል ሳላይን ታጥባለች፣ ከዚያ ትሰጣለች። ልትመለምሉት የምትፈልጉት ነርስ ያንን ከረጢት አይቶ ቪዲዮውን ይዘጋዋል። ኖርማል ሳላይን ስቀሉ፣ ጽሑፉም ወደ ካሜራው ይዙር።

መርፌው ከ2 እስከ 4 ደቂቃ ነው የሚገፋው። አታሯሩጡ ብያለሁ፤ እዚህ ግን መቁረጥ ግድ ነው። ጣቱን ጥቂት ሰከንድ አሳዩ፣ ወደ ግድግዳው ሰዓት እለፉ፣ ሦስት ደቂቃ አልፎበት ተመለሱ። ያኔ ተመልካቹ እንደቆየች ያውቃል። እየገፋች ዓይኗ ክንዱ ላይ ይሁን፤ ካኑላው ከደም ሥሩ ከወጣ ቦታው ያብጣል፣ ያማል። «ያቃጥልዎታል?» ትበል።

ካርዱ ላይ መፈረሟ የመጨረሻው ምስል ነው። ካርዱ አስቀድሞ በእጇ ስላለ ዳይሬክተሮች ፊርማውን ወደፊት ያመጡታል። ከመስጠቷ በፊት ከፈረመችና ታካሚዋ እምቢ ካለች፣ ያልተሰጠ መድኃኒት ተሰጠ ተብሎ ተመዘገበ ማለት ነው።

ታካሚዋ ከሠራተኛ አንዷ ትሁን። ካኑላው መርፌው ወጥቶ በፕላስተር ይለጠፍ፣ ሲሪንጁም መርፌ አይኑረው። ከመቅረፃችሁ በፊት ከጀርባ የተሰቀለ የእውነተኛ ሕመምተኛ ቻርት ካለ አንሱት፤ በኋላ ማደብዘዝ ይረሳል።