ፓስፖርቱን ሳይሆን ሌሎቹን ሰነዶች ያስተካክሉ

«በፓስፖርቴ ላይ የአያቴ ስም Woldemariam ነው፤ በዲግሪዬ ላይ W/Mariam፣ በልደት ምስክር ወረቀቴ ላይ ደግሞ Weldemaryam ይላል። የትኛውን ላስተካክል?»

ፓስፖርትዎን አይንኩት፤ ሌሎቹን ወደ እርሱ ያምጧቸው። ቪዛም፣ የመኖሪያ ፈቃድም፣ የአውሮፕላን ትኬትም የሚሠሩት በፓስፖርቱ ላይ ባለው አጻጻፍ ስለሆነ፣ እርሱን ለውጠው ዲግሪውን ቢያስማሙ ከዚያ በኋላ ሌላው ሁሉ ይፋለስብዎታል። እኔ ይህን የተረዳሁት ሁለት የትምህርት ዘመን ካመለጠኝ በኋላ ነው።

1. ሦስቱን አጻጻፎች እንደ አንድ ዓይነት ስሕተት አይቁጠሯቸው። Wolde እና Welde የሚለያዩት «ወ» ግዕዝ ፊደል በመሆኗ ነው። የግዕዙ አናባቢ በላቲን ፊደል ትክክለኛ አቻ የለውም፤ ስለዚህ አንዱ ጸሐፊ e፣ ሌላው ደግሞ ከወ በኋላ የሚሰማውን ድምፅ ተከትሎ o ይጽፋል። ሳድስ ፊደላት ደግሞ አንዳንዴ አናባቢ አላቸው፣ አንዳንዴ የላቸውም፤ ፊደሉ ግን ይህን አያሳይም። «መድኅን» የሚለው ስም Medhin፣ Medhen፣ Medihin እየተባለ የሚጻፈው በዚህ ምክንያት ነው። የዓለም አቀፉ ሲቪል አቪዬሽን ድርጅት የጉዞ ሰነድ መመሪያ ለአረብኛና ለሲሪሊክ ፊደላት የመለወጫ ሠንጠረዥ ሲኖረው ለአማርኛ ፊደል ግን የለውም፤ በየመዝገብ ቤቱ ያለው ጸሐፊ የመሰለውን ይጽፋል ማለት ነው። ይህን ዓይነቱን ልዩነት በአማርኛ የተጻፈውን ስም በማሳየት ማስረዳት ይቻላል።

2. ዋናው ጠንቅ W/Mariam የሚለው ነው። በአማርኛ «ወ/ማርያም» ብለን ስንጽፍ ሁላችንም እናውቀዋለን፤ የውጭ አገር ሠራተኛ ግን W ወልደ ይሁን ወለተ የሚያውቅበት መንገድ የለም። የእኔ አያት ገብረመድኅን ይባላሉ። የ12ኛ ክፍል መፈተኛ ፎርም ስሞላ የክፍል ስም ጥሪው ላይ «ገ/መድኅን» ተብሎ ስለነበር G/Medhin ብዬ በገዛ እጄ ጻፍሁ፤ ዲግሪዬም በዚያው ወጣ። ፓስፖርቴ ግን Gebremedhin ይላል። አውሮፓ የሚገኝ አንድ ዩኒቨርሲቲ ማመልከቻዬን ሲመልስ የጻፈልኝ አንድ ዐረፍተ ነገር ነበር፦ በትራንስክሪፕቱ ላይ ያለው G የማን ስም እንደሆነ ይግለጹ።

ትልቁን ስሕተት የሠራሁት እዚህ ላይ ነው። አዲስ አበባ ሄጄ «Gebremedhin እና G/Medhin አንድ ሰው ናቸው» የሚል ቃለ መሐላ አስጻፍሁና ላክሁ። ተመለሰብኝ፤ ምክንያቱም የልደት ምስክር ወረቀቴ ላይ Gebremedhen የሚል ሦስተኛ አጻጻፍ ስለነበርና ቃለ መሐላው ስላልጠቀሰው ነው። አንዲት e ዓመት በላችብኝ። ሁለተኛውን ሳስጽፍ እያንዳንዱን አጻጻፍ ፊደል በፊደል፣ ከሰነዱ ስም፣ ቁጥርና ከተሰጠበት ቀን ጋር፣ የአማርኛውንም ስም ጨምሬ አሰፈርሁ፤ ያኔ ተቀበሉት። እርስዎም ሦስቱንም በአንድ ወረቀት ያስጽፉ።

ዲግሪውን ለማስተካከል የተማርሁበት ተቋም ሬጅስትራር ስሄድ ደግሞ መስኮቱ ላይ የነበረችው ሠራተኛ ማመልከቻዬን ሳታነብ «ራስህ የጻፍከውን ስም እኛ አንነካም» አለችኝ። ሦስት ጊዜ ተመላልሻለሁ፤ ቀና ብላ እንኳ አላየችኝም። ዲግሪው እንደገና እንዲታተም ሳይሆን፣ በስሜ አጻጻፍ ላይ ማብራሪያ የሚሰጥ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ እንዲጻፍልኝ ስጠይቅ ግን ኃላፊው በዚያው ቀን ፈረሙልኝ። የሚጠየቀው ይህ ደብዳቤ መሆኑን አስቀድሞ የነገረኝ ሰው ቢኖር ኖሮ አንድም ጊዜ አልመላለስም ነበር። ዛሬ በእኔ ደብዳቤ ናሙና አራት ጓደኞቼ ጨርሰዋል፤ በዚህ እኮራለሁ።

3. ስሙ ተያይዞ ወይም ተለያይቶ መጻፉንም ይዩ። ፓስፖርትዎ ታች ባሉት ሁለት መስመሮች ላይ ከA እስከ Z ካሉት ፊደላት፣ ከቁጥሮችና ከ < ምልክት ሌላ አይገባም፤ እዝባርም ጭረትም የለም። ባዶ ቦታ ወደ < ይለወጣል፤ ስለዚህ እነዚህ ለማሽኑ ሁለት የተለያዩ ስሞች ናቸው፦

```
WOLDEMARIAM
WOLDE<MARIAM
```

ፋይዳ ሲመዘገቡም ሆነ ቅጽ ሲሞሉ ከፓስፖርቱ ላይ እያዩ ይገልብጡ፤ በቃል አይናገሩት። ትኬት ሲያስቆርጡ ደግሞ ከሥራ መታወቂያዎ ላይ W/Mariam ተብሎ እንዳይወሰድ ይጠንቀቁ፤ በትኬት ሥርዓት ውስጥ እዝባር የቤተሰብ ስምን ከመጠሪያ ስም የሚለይ ምልክት ስለሆነ W ብቻውን የቤተሰብ ስም ሆኖ ሊመዘገብ ይችላል።