ምዕራፍ 4ን አፍርሶ መልሶ መደርደር፦ ጥያቄና መልስ

ሰላም ለሁላችሁ። የመመረቂያ ጽሑፍ ሳማክርም ስፈትንም ዓመታት አልፈዋል። ዛሬ የምመልሰው ጽፋችሁ የጨረሳችሁትን ምዕራፍ መልሶ ስለ መደርደር ብቻ ነው። ሰዋስው ሌላ ቀን።

ምዕራፍ አራት ላይ የቀረሁ፦ መምህር፣ ጥናቴ የማታ ተማሪዎች ለምን ትምህርት እንደሚያቋርጡ ነው። ምዕራፉን በመጠይቅ፣ በቃለ መጠይቅና በስም መጥሪያ መዝገብ ከፍዬ ጻፍኩት። አማካሪዬ «ዳታው አለ፣ ክርክሩ የታለ?» ብላ መለሰችልኝ።

ልክ ናት። «ከመጠይቁ የተገኘ ውጤት» የሚል ንዑስ ርዕስ ዳታው ከየት እንደመጣ እንጂ ምን እንደሚል አይናገርም። አንባቢው ሦስቱን ክፍል ተሸክሞ ራሱ ማገናኘት አለበት፣ ያ ደግሞ የአንተ ሥራ ነበር።

ፋይሉን አሁን አትንካው። ኮፒ አስቀምጥና ባዶ ወረቀት ያዝ። አንቀጾቹን በተራ ቁጥር ስጣቸውና ለእያንዳንዱ የሚለውን በአንድ መስመር ጻፍ። ስለ ምን እንደሆነ ሳይሆን የሚለውን። «ስለ ክፍያ» አይሆንም፤ «ብዙዎቹ ያቋረጥነው በክፍያ ነው ብለዋል» ይሆናል። በአንድ መስመር አልጻፍ ካለህ ወይ ሁለት አንቀጽ ተደባልቋል ወይ አንቀጹ ምንም አይልም። ከዚያ በየመስመሩ ጎን ሐሳብ፣ ማስረጃ ወይም መደምደሚያ መሆኑን ምልክት አድርግ።

ምዕራፍ አራት ላይ የቀረሁ፦ አደረግኩት። ከላይ እስከ ታች ማስረጃ ብቻ ነው። ሐሳብ የሚባለው መጨረሻው ገጽ ላይ ተደብቋል፦ «የሚያቋርጡት በክፍያ ሳይሆን የሥራ ፈረቃቸው ሲቀያየር ነው»። ግን መጠይቁ ላይ ብዙ ሰው የመረጠው ክፍያን ነው፣ ያንን ምን ላድርገው?

እንዳትደብቀው ብቻ። ፈታኝ መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው።

ያቺን ዓረፍተ ነገር አውጥተህ የክፍሉ ራስ ላይ አድርጋት። ቀጥሎ ጠንካራው ማስረጃህ ይምጣ፤ እዚህ መዝገቡ ነው። ከዚያ ቃለ መጠይቁ፣ ከዚያ ከአንተ ጋር የሚጣላው የመጠይቅ ውጤት፣ በመጨረሻ ሁለቱን ያመዛዘነ መደምደሚያ። የመጀመሪያው አንቀጽ ይህን ይመስላል፦

«ትምህርታቸውን ያቋረጡት ተማሪዎች አብዝተው መቅረት የጀመሩት ፈረቃቸው በተቀየረባቸው ሳምንታት ነው (ሠንጠረዥ 3)። መዝገቡ በየዕለቱ የተሞላ ስለሆነ የቀሩበትን ጊዜ የሚያሳየው ተማሪው ኋላ ላይ ከሚያስታውሰው ይልቅ በትክክል ነው። ስለዚህ የፈረቃው ለውጥ ከማቋረጡ ቀድሟል፤ ብቸኛው ምክንያት ነው ለማለት ግን መዝገቡ አይበቃም።»

መሃለኛዋን ዓረፍተ ነገር ልብ በላት። ይህ ማስረጃ ለዚህ ሐሳብ ለምን እንደሚያገለግል የምትናገረው እሷ ናት፣ ሁሉም ሰው የሚዘላትም እሷን ነው፣ ምክንያቱም ለጸሐፊው ግልጽ ስለሆነች መጻፍ ያለባት አይመስለውም። እሷ ከሌለች ሠንጠረዡና መደምደሚያው ጎን ለጎን የቆሙ ሁለት ባዳዎች ናቸው።

ስለ ክፍያው ደግሞ የምትፈትንበት መንገድ አለህ። የክፍያ መዝገብ ካገኘህ ሙሉ ከፍለው ያቋረጡ መኖራቸውን እይ። ብዙ ከሆኑ ክፍያ የሚለው መልስ ይዳከማል። ካቋረጡት ሁሉም ያልከፈሉ ከሆኑ ግን ሐሳብህ ነው የሚፈርሰው፣ ያኔ መደርደሩን ትተህ ሐሳቡን ቀይር።

ጨርሼ የወጣሁ፦ ምን ያካብዳል! እያንዳንዱን አንቀጽ በሐሳብ ጀምር፣ ማስረጃ አስገባ፣ በ«ስለዚህ» ዝጋ። እኔ እንደዛ ነው የጨረስኩት።

ግማሹ ልክ ነው፤ አንቀጽ በሐሳብ ሲጀምር አንባቢ አይጠፋም። «ስለዚህ»ው ላይ ነው የማልስማማው። ሃያ አንቀጽ ሃያ ጊዜ «ስለዚህ» ሲል አንባቢው ማመን ያቆማል። አንዳንዱ አንቀጽ ማስረጃ ብቻ ይዞ ለሚቀጥለው ማቀበል ይችላል። መዝጊያህን ከመክፈቻህ ጋር አስተያይ፤ ያው ነገር በሌላ ቃል ከሆነ ሰርዘው። መደምደሚያ መክፈቻው ገና ሊለው የማይችለውን ማለት አለበት፣ ለምሳሌ ማስረጃው እስከ የት እንደሚያስኬድ።

ግራ የገባት፦ ምዕራፍ ሁለትና ሦስትን ማቀያየር ይቻላል ማለት ነው?

አይ፣ እኔ የማወራው በአንድ ምዕራፍ ውስጥ ስላለው ቅደም ተከተል ነው። የምዕራፎቹን ተራ የሚወስነው የትምህርት ክፍልሽ መመሪያ ነው፣ እሱን እዪ።

የታሪክ ተማሪ፦ የእኔ በጊዜ ቅደም ተከተል ካልሄደ ይበጣጠሳል። እንዳንተ ብሠራ ትረካው ይሞታል።

ትረካው ይቆይ፣ ግን በሐሳቡ ሥር ይሁን። አንቀጾችህ የሚያያዙት በምን እንደሆነ ፈትሽ። ሁሉም ቦታ «ከዚያ በኋላ» ብቻ የሚገባ ከሆነ ዜና መዋዕል ጽፈሃል። «በዚህ የተነሳ» ወይም «ይሁን እንጂ» የሚገባበት ቦታ ካለ ክርክርህ እዚያ ነው፤ ንዑስ ርዕሱን እዚያ ክፈት።

የታሪክ ተማሪ፦ አላሳመንከኝም። ሐሳቤን ቀድሜ ከተናገርኩ አንባቢው ማስረጃውን መርጬ ያመጣሁ ይመስለዋል።

ይህ ስጋት እውነት አለው፣ በዚህ የማይስማሙ ጥሩ ጥሩ አማካሪዎችም አውቃለሁ። እኔ ሐሳቡን ቀድሜ የማስቀምጠው ፈታኝ ሲያነብ ምን እየመዘነ እንደሆነ እንዲያውቅ ነው። አማካሪህ ሌላ ካለህ እሱን ስማ።

ሁለት ምዕራፍ ያለብኝ፦ እኛ ጋ ግኝትና ትንተና በተለያየ ምዕራፍ ይሁን ነው የሚባለው። ሐሳቤን ግኝቱ ውስጥ መጻፍ አልችልም።

አትጻፊው። ግን የግኝቱን ክፍሎች በመሣሪያ ሳይሆን በጥያቄ ደርድሪ፦ «የመቅረት ጊዜ»፣ «ተማሪዎቹ የሰጡት ምክንያት»። የትንተናው ምዕራፍም በዚያው ተራ ይሂድ። አንባቢው ግኝት ላይ ሁለተኛ ያየውን ትንተና ላይ ሁለተኛ ያገኘዋል።

ምዕራፍ አራት ላይ የቀረሁ፦ መምህር፣ የክፍያ መዝገቡን አየሁ። ሙሉ ከፍለው ያቋረጡ አሉ፣ ግን ጥቂት ናቸው።

እንግዲያው «በክፍያ ሳይሆን» የሚለው ይውጣ። «ክፍያ ብቻውን ማቋረጡን አያስረዳም፤ የፈረቃ ለውጥም አብሮ ይታያል» በል። አነስ ይላል ግን ይቆማል። ያጠናኸው አንድ ትምህርት ቤት ከሆነ «የማታ ተማሪዎች» እያልክም አታስፋው።

ሠንጠረዥ ያሳበደኝ፦ ክፍሎቹን ሳዘዋውር የሠንጠረዥ ቁጥር ሁሉ ተመሰቃቀለ። መላ አለው?

ዎርድ ላይ ከሆንሽ ርዕሶቹን በ Heading 1፣ Heading 2 ሥሪያቸው። ከዚያ View ውስጥ Navigation Pane ን ክፈቺ። ርዕሱን ይዘሽ ስትጎትቺው ሥሩ ያለው ጽሑፍ አብሮ ይሄዳል፣ ኮፒ ፔስት የለም። ቁጥሮቹን በ Insert Caption፣ ጥቆማዎቹን በ Cross-reference ካስገባሽ Ctrl+A ከዚያ F9 ስትጫኚ ይስተካከላሉ። በእጅ የጻፍሻቸውን ግን አንድ በአንድ ማረም ነው።

በመጨረሻ «ከላይ እንደተገለጸው» የሚለውን በ Ctrl+F ፈልጊ። ከተዘዋወረ በኋላ ግማሹ ከላይ ሳይሆን ከታች ነው የሚገኘው፣ አንዳንዱ የሚጠቁመው ነገር ደግሞ ጭራሽ ተሰርዟል።