ከአልጋ ለማይነሳ ታማሚ ቁመት፦ ከጉልበት ወይስ ከእጅ?

«ሰላም የሙያ ጓደኞቼ። ቤታቸው እየሄድኩ የምከታተላቸው አንዲት እናት አሉ። በስትሮክ ምክንያት ግራ ጎናቸው አይሠራም፣ መቆም አይችሉም። ቢኤምአይ ለማውጣት ቁመታቸውን ፈልጌ ነበር። እንደተኙ በሜትር ልለካቸው፣ እጃቸውን ልዘርጋ ወይስ ከጉልበታቸው ላስላው?»

ሲስተር፣ ከጉልበታቸው ለኪ። እንደተኙ ከአናት እስከ ተረከዝ መለካቱን ግን ተዪው፤ እኔ በዚያ ተሳስቼ አይቼዋለሁ።

ተኝተው የሚታከሙ አዋቂዎች ክፍል ስሠራ፣ ወድቀው አልጋ ላይ ከዋሉ ወራት ያለፋቸው የ72 ዓመት እናት መጡልን። ጀርባቸው ጎብጧል፣ ጉልበታቸውም ታጥፎ ሙሉ በሙሉ አይዘረጋም። ሜትሬን አጠገባቸው ዘርግቼ ለካሁና 148 ሴንቲ ሜትር ብዬ ካርዳቸው ላይ ጻፍኩ። ለክብደቱ ልጃቸው አቅፏቸው ሚዛን ላይ ወጣ፣ ከዚያ ብቻውን ወጣ፤ ልዩነቱ 41 ኪሎ ሆነ። ቢኤምአይ 18.7 መጣ። ከ18.5 በላይ ስለሆነ ምግባቸውን በተመለከተ ምንም ሳይደረግ ታለፈ። በማግስቱ ገላቸውን ሳጥባቸው የጋብቻ ቀለበታቸው እንዳይወልቅ በክር ተጠቅልሎ አየሁ። «ከፋሲካ ወዲህ ነው የሰፋኝ» አሉኝ። ያን ጊዜ ነው ቁጥሩን የተጠራጠርኩት።

የጎበጠ ጀርባና የታጠፈ ጉልበት ሜትሩን ያሳጥሩታል። ከጉልበት በታች ያለው የእግር አጥንት ግን በእርጅና አያጥርም፤ ዕድሜ የሚያሳጥረው አከርካሪን ነው። ስለዚህ ከጉልበት ተነስቶ ቁመትን መገመት ይቻላል።

አለካኩ እንዲህ ነው። በጀርባቸው እንደተኙ ጉልበታቸውንም ቁርጭምጭሚታቸውንም 90 ዲግሪ እጠፊላቸው። በዓይን ግምት ብቻ አትመኚ፤ እኔ የአናጢ ስኳድራ ወይም የጠንካራ ካርቶን ጥግ ከጉልበቱ ጎን አስጠግቼ ነው የማረጋግጠው። የጉልበት ካሊፐር ካለሽ አንዱን ምላስ ከተረከዛቸው ሥር፣ ሌላውን ከጉልበት ሎሚ ወደ ጭን 5 ሴንቲ ሜትር ያህል አልፈሽ ጭናቸው ላይ አሳርፊ። ዘንጉ ከቅልጥማቸው ጋር ትይዩ ሆኖ በውጭው ቁርጭምጭሚት በኩል ይለፍ። ካሊፐር ከሌለሽ አንድ ጠፍጣፋ ጣውላ ውስጥ እግራቸው ላይ፣ ሌላ ጭናቸው ላይ አስደግፊና በመካከላቸው ያለውን ርቀት በሜትር ለኪ። ለዚህ ሁለት ሰው ያስፈልጋል፤ አስታማሚያቸው እግሩን ይያዝልሽ። ሁለት ጊዜ ለኪ፤ ልዩነቱ ከግማሽ ሴንቲ ሜትር ከበለጠ ድገሚው። አብዛኛውን ጊዜ ልዩነት የሚመጣው ቁርጭምጭሚቱ ስለሚላላና ጣቶቹ ወደ ታች ስለሚዘቀዘቁ ነው።

ከጉልበት ቁመት የሚሰላበት ቀመር የወጣው በግራ እግር ነው። ያንቺ እናት ግራ እግራቸው ከተኮማተረና 90 ዲግሪ ካልታጠፈልሽ ቀኙን ለኪ። በትልቅነት የመጣ ስትሮክ አጥንት አያሳጥርም። በልጅነቱ ፖሊዮ የያዘው ሰው ከሆነ ግን የደከመው እግር ሳያድግ ቀርቶ ሊሆን ስለሚችል ጤነኛውን ብቻ ነው የሚለካው።

የእኚያን እናት ጉልበት ስለካ 47.3 እና 47.7 መጣልኝ፤ አማካዩ 47.5። የሴት ቀመሩ ይህ ነው፦

ቁመት = 84.88 − (0.24 × ዕድሜ) + (1.83 × የጉልበት ቁመት)

0.24 ሲባዛ በ72፣ 17.28 ነው፤ ከ84.88 ሲቀነስ 67.60 ይቀራል። 1.83 ሲባዛ በ47.5፣ 86.93። ድምሩ 154.5 ሴንቲ ሜትር። በዚህ ቁመት 41 ኪሎ ቢኤምአያቸው 17.2 ነው፤ ከ18.5 በታች። ሐኪሙ እንደገና አይቷቸው የምግብ ድጋፍ ተጀመረላቸው። ለወንድ ቀመሩ 64.19 − (0.04 × ዕድሜ) + (2.02 × የጉልበት ቁመት) ነው።

ስለ ዕድሜ አንድ ነገር ልብ በዪ። የኛ አረጋውያን ብዙዎቹ የተወለዱበትን ዓመት በትክክል አያውቁም። በወንድ ቀመር 10 ዓመት ብትስቺ ቁመቱ የሚለወጠው በ0.4 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው፤ በሴት ግን በ2.4 ነው። እኔ አብዮቱ ሲፈነዳ አግብተው ነበር ወይ፣ የመጀመሪያ ልጃቸው ዛሬ ስንት ዓመቱ ነው ብዬ ከጠየቅኩ በኋላ ነው የምጽፈው።

ቀመሩን ቸምሊያና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1985 ያወጡት አሜሪካ ውስጥ ከ60 እስከ 90 ዓመት የሆናቸውን ነጮች ለክተው ነው። በራሳቸው ሰዎች ላይ እንኳ ለአንድ ግለሰብ ሲሰላ ወደ 8 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ሊስት ይችላል። የእግርና የቁመት ምጥጥን ደግሞ ከሕዝብ ሕዝብ ይለያያል። ስለዚህ 17.2 ስላገኘሁ ብቻ አልፈረድኩም፤ ሙዋካቸውን፣ ማለትም የላይኛው ክንዳቸውን የመሃል ዙሪያ፣ ለካሁ፣ የቀለበቱንም ነገር ለሐኪሙ ነገርኩት። አንቺም ጤነኛው ክንዳቸው ላይ ሙዋክ ለኪ፤ ልብሳቸው ሰፍቶ እንደሆነም ቤተሰቡን ጠይቂ። እግራቸው አብጦ ከሆነም ክብደቱን አትመኚው፤ ውኃው ኪሎ ይጨምራል።

እጅን መዘርጋት የማይረባ ነው ማለቴ አይደለም። እግሩ በጄሶ ለታሰረ ሰው የምይዘው እሱን ነው። ግን የእጅ ዝርግ የሚነግርሽ ሰውዬው በጎልማሳነቱ የነበረውን ቁመት ነው፤ ክንድ ከአከርካሪ ጋር አብሮ አያጥርምና። በአገራችን የተሠራ ጥናትም የእጅ ዝርግና ቁመት ግንኙነት ከብሔረሰብ ብሔረሰብ እንደሚለያይ አሳይቷል፤ እኩል ናቸው ብሎ መጻፍ አያዋጣም። ላንቺ እናት ሁለቱን እጅ መዘርጋት ስለማይቻል ጤነኛውን ቀኝ እጅ ብቻ ነው የምትለኪው፦ ከጉሮሮ ሥር በጣት ከሚዳሰሰው ጎድጓዳ ጀምረሽ፣ እጁ በትከሻ ልክ ወደ ጎን ተዘርግቶ፣ እስከ መሃል ጣትና ቀለበት ጣት መገናኛ ሥር ድረስ። ለሴት ይህን በ1.35 አባዝተሽ 60.1 ትደምሪያለሽ።

ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። አንዲት ባልደረባዬ እስከ ጣት ጫፍ ለክታ ይህንኑ ቀመር ተጠቀመች። የእኚያው እናት እስከ ጣት ሥር 71.5 ነበር፤ ቁመቱ 156.6 ይወጣል፣ ከጉልበቱ ብዙም አይርቅም። እስከ ጫፍ ግን 79.5 ሆኖ 167.4 ሰጣት። ሁለት መንገድ ለክተሽ ውጤቱ በ10 ሴንቲ ሜትር ከተራራቀብሽ መጀመሪያ የለካሽበትን ጫፍ ፈትሺ።

አንዴ ያገኘሽውን ቁመት በየጉብኝቱ አትለዋውጪው። ቁመቱ ትንሽ ቢስት እንኳ በዚያው ቁጥር ላይ ኪሎው ሲወርድ መውረዱ ይታያል፤ ቁመቱ በየጊዜው ከተቀየረ ግን የቀነሱት ሴትየዋ ይሁኑ ወይስ የተለወጠው ቁጥሩ ይሁን አይታወቅም። ካርዱ ላይ 154.5 ብቻ አትጻፊ፤ «ከጉልበት የተሰላ፣ ቀኝ እግር፣ 47.5፣ ዕድሜ በግምት 72» በዪበት፤ ካንቺ በኋላ የምትመጣዋ ነርስ በዚያው እግር እንድትደግመው።