«ቤቢ አስፕሪን» የቤቢ መድኃኒት አይደለም፦ ልጅ ጉንፋን ሲይዘው ይሄን እወቁ

ሰላም ወገኖቼ። እዚህ አሜሪካ ፋርማሲ ውስጥ ስሰራ 17 ዓመት ሆኖኛል፣ ክረምት በገባ ቁጥር የጉንፋን ሰሞን ከሀበሻ እናቶች ስልክ ይበዛብኛል፣ ባለፈው የተደወለልኝን ግን ለሁላችሁም ልናገረው ብዬ ነው የምጽፈው።

እናትየዋ የማታ ሺፍት ነው የምትሰራው። እናቷ ከአዲስ አበባ መጥተው ልጆቹን ይጠብቁላታል፣ የ7 ዓመቱ ልጅ ትኩሳቱ 39.4 ገብቶ ሰውነቱን ሁሉ ያመዋል፣ ቀን ዶክተር ጋ ወስዳው ኢንፍሉዌንዛ ቢ ነው ተብሏል። ማታ እሷ ስራ ሄደች፣ ልጁ እያቃሰተ ሲያስቸግራቸው አያትየው ሁለት ፍሬ «ቤቢ አስፕሪን» አኝኮ እንዲውጥ ሰጡት። እንዴት ሰጡት አትበሉ። መድኃኒቱ የራሳቸው የልብ መድኃኒት ነው፣ ልጃቸው ጠዋት ጠዋት «እማዬ ቤቢ አስፕሪንሽን ወሰድሽ?» እያለች ስትጠይቃቸው ነው የከረመችው። ፍሬዋ ትንሽ ናት፣ ብርቱካን ብርቱካን ትላለች፣ ስሟ ደግሞ ቤቢ። «የልጅ ነው ብዬ ነው እኮ ልጄ» አሉኝ ስልኩን ተቀብለው፣ ድምፃቸው እየተንቀጠቀጠ።

ስሙ ያሳስታል፣ እውነታቸውን ነው። ይቺ 81 ሚሊግራሟ አስፕሪን ድሮ በርግጥም ለልጆች ትኩሳት ትሸጥ ነበር፣ አሁን የሚወስዷት ሐኪም ያዘዘላቸው አዋቂዎች ናቸው፣ ስሙ ግን ሰው አፍ ላይ ቀረ። ለልጅ መስጠት የተተወው ደግሞ ሬይ ሲንድሮም በሚባል በሽታ ምክንያት ነው። በፈረንጆቹ 1963 ሲድኒ አውስትራሊያ ውስጥ ዶክተር ሬይ የሚባል የፓቶሎጂ ሐኪም 21 ልጆች ላይ ያየውን ጻፈ፦ ቀላል ጉንፋን የመሰለ ህመም ታመው፣ ከዛ በድንገት አእምሯቸውን ስተው፣ ጉበታቸው በስብ ተሞልቶ አንጎላቸው አብጦ ተገኘ። ያኔ ከአስፕሪን ጋ የሚያያይዘው ሰው አልነበረም። በኋላ አሜሪካ ውስጥ የታመሙትን ልጆች ካልታመሙት ጋ ሲያወዳድሩ የታመሙት ብዙዎቹ በጉንፋኑ ወይም ቺክንፖክስ በሚባለው ጉድፍ ጊዜ አስፕሪን የወሰዱ ሆነው ተገኙ። በ1980 ብቻ 555 ልጆች ተመዝግበው ነበር፣ ማስጠንቀቂያው ከወጣና በ1986 እሽጉ ላይ መጻፍ ግዴታ ከሆነ በኋላ ግን ቁጥሩ እያሽቆለቆለ ከ1994 ወዲህ በዓመት ሁለት ወይም ከዛ በታች ሆነ። በሽታው የጠፋው ክትባት ተገኝቶለት አይደለም፣ ወላጆች አስፕሪን መስጠት ስላቆሙ ነው።

ውስጥ የሚሆነው እንዲህ ነው። የጉበት ሴሎች ውስጥ ጉልበት የሚያመነጩ ሚቶኮንድሪያ የሚባሉ ክፍሎች አሉ፣ ቫይረሱና አስፕሪኑ ተደራርበው እነሱን ያሽመደምዷቸዋል (ለምን አንዱን ልጅ ነክቶ ሌላውን እንደሚተው ሙሉ ለሙሉ አልታወቀም)። ጉበት ስቡን ማቃጠል ያቅተዋል፣ አሞኒያ የሚባለውን መርዝም ማጣራት ያቅተዋል፣ አሞኒያው ደም ውስጥ ይከማችና አንጎል ያብጣል። ስለዚህ «ትንሽ ነው የሰጠሁት» ማለት ዋስትና አይሆንም፣ በትክክለኛው የልጅ መጠን የወሰዱ ልጆችም ታመዋል። እዚህ አሜሪካ እስከ 18 ዓመት፣ እንግሊዝ ደግሞ ከ16 በታች ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይሰጥም፣ ጢም ያበቀለው ልጃችሁም ይሄ ውስጥ አለ ማለት ነው።

ወደ ልጁ ልመለስ። መጀመሪያ የጠየቅኳት ስንት ፍሬ፣ በስንት ሰዓት፣ ሌላስ ምን ወሰደ የሚለውን ነው። ሁለት ፍሬ ማለት 162 ሚሊግራም ነው፣ ክብደቱ 23 ኪሎ ነው። በመጠን ከሆነ አይመርዘውም፣ ሬይ ደግሞ ብርቅ በሽታ ስለሆነ አንዴ የወሰደ ሁሉ ይታመማል ማለት አይደለም፣ ይሄንን ለአያትየው ደጋግሜ ነው የነገርኳቸው ምክንያቱም እንቅልፍ አጥተው ነበር። ሁለተኛ ግን እንዳይሰጡት፣ ለልጁ ዶክተር እንድትደውል፣ አሜሪካ ላላችሁ ደግሞ ሌሊትም ቢሆን የሚያነሳ የመርዝ መረጃ መስመር አለ 1-800-222-1222፣ አስተርጓሚ ጠይቁ ያቀርቡላችኋል።

ከዛ ምን እንደምትጠብቅ ነገርኳት፣ ዋናው ነገር ይሄ ነው። ሬይ የሚመጣው ትኩሳቱ በበረታበት ቀን ሳይሆን ልጁ እየተሻለው ነው ስትሉ ነው፣ ብዙ ጊዜ ህመሙ በጀመረ በ3ኛው እስከ 5ኛው ቀን። በድንገት ማስመለስ ይጀምረዋል፣ አንዴ ሁለቴ ሳይሆን እየደጋገመ፣ የጠጣው ውሃ እንኳ አይረጋለትም። ቀጥሎ ጠባዩ ይለወጣል፦ ይፈዛል፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ይለዋል፣ ወይ ደግሞ ያለ ጠባዩ ይቆጣል ይማታል፣ ነገር ይዘባርቃል፣ ሲብስ ይንቀጠቀጣል ራሱን ይስታል። ጨቅላ ላይ ማስመለሱ ላይኖር ይችላል፣ ተቅማጥና ቶሎ ቶሎ መተንፈስ ነው የሚታየው። ጉበት ነው ብላችሁ ዓይኑ ቢጫ እስኪሆን እንዳትጠብቁ፣ አብዛኛውን ጊዜ አይሆንም። ትኩሳትም ላይኖረው ይችላል፣ ስለዚህ «የሆድ ቫይረስ ነው ያልፋል» ብሎ ማሳደር ነው ልጅ የሚያሳጣው። በዚህ በሽታ ከተያዙት አሜሪካ ውስጥ ከተመዘገቡት ከ100 ወደ 30 የሚሆኑት ሞተዋል፣ ቶሎ የደረሰ ግን ደሙ ውስጥ አሞኒያ፣ ስኳርና የጉበት ምርመራ ተደርጎ በግሉኮስና የአንጎል እብጠቱን በሚቀንስ ህክምና ይታገዛል። እንዲህ ካያችሁ 911 ነው፣ አውሮፓ 112፣ እስራኤል 101፣ ስትደርሱም መጀመሪያ «አስፕሪን ወስዷል» በሉ፣ ያልተነገረው ሐኪም ላያስበው ይችላል።

ለትኩሳቱ ምን ትስጠው? ፓራሲታሞል፣ እዚህ ታይሌኖል የሚባለው። የልጆቹ ሽሮፕ 5 ሚሊ ሊትር ውስጥ 160 ሚሊግራም አለው፣ ለሱ 23 ኪሎ 10 ሚሊ ሊትር ይበቃዋል፣ በየ4 ሰዓቱ ቢያስፈልግ ነው በ24 ሰዓት ከ5 ጊዜ አይበልጥም። በሾርባ ማንኪያ እንዳትለኩ፣ አብሮት በሚመጣው መለኪያ ብቻ። ሌላ የጉንፋን ሽሮፕ እየሰጣችሁ ከሆነ ውስጡ ፓራሲታሞል እንዳለው እዩ፣ ተደራርቦ ጉበት ይጎዳል። አይቡፕሮፌንም ከ6 ወር በላይ ይሆናል፣ ጉድፍ ላይ ግን ተዉት። ከ3 ወር በታች ያለ ህፃን 38 ከደረሰ እቤት መድኃኒት የለም፣ ቀጥታ ሐኪም ጋ።

አስፕሪን ደግሞ በሌላ ስም ይደበቃል። አልካ ሴልትዘር የሚባለው የሚፈላው አስፕሪን አለው፣ ለሆድ የሚጠጣው ሮዝ ፔፕቶ ቢስሞልም ሳሊሲሌት የሚባል ዘመዱ አለው። እሽጉ ላይ «አሴቲልሳሊሲሊክ አሲድ» ወይም «ሳሊሲሌት» የሚል ካያችሁ ለልጅ አትስጡ። አረብ አገር ሰው ቤት ልጅ የምትጠብቁ እህቶቼ፣ ውሃ ውስጥ የሚሟሟው ዲስፕሪንም አስፕሪን ነው፣ ማዳም «ስጪው» ብትልሽ እንኳ ልጁ ጉንፋን ይዞታል፣ ዶክተር ይጠየቅ በያት።

ካዋሳኪ የሚባል በሽታ ኖሮበት ዶክተር አስፕሪን ያዘዘለት ልጅ ካላችሁ በራሳችሁ እንዳታቋርጡ፣ የልብ ደም ስሩን የሚጠብቅለት እሱ ነው፣ ጉንፋን ወይም ጉድፍ ሲይዘው ወይ ቤት ውስጥ ሲገባ ግን የዛኑ ቀን ደውሉ፣ የጉንፋን ክትባቱንም በየዓመቱ አስከትቡት።

ልጁ በ4ኛው ቀን አላስመለሰም፣ ሁለት ሳህን ፓስታ በላ፣ በሳምንቱ ትምህርት ቤት ገባ። አያትየው ጠርሙሳቸው ላይ ፕላስተር አስለጥፈው በአማርኛ «የእማማ የልብ፣ ለልጅ አይሰጥም» አስጽፈዋል፣ ልጃቸውም አሁን ጠዋት ስትጠይቃቸው «የልብ መድኃኒትሽን ወሰድሽ?» ነው የምትላቸው።