አንባቢዎች ከ3ኛው ስላይድ በኋላ ለምን ይቆማሉ? የተለያዩ ሰዎች ጥያቄና መልስ

ቡና እሸጣለሁ። ኢንስታግራም ላይ ሰባት ስላይድ ለቅቄ ነበር። 3ኛው «የተፈጨ ቡና መዓዛው ቶሎ ይጠፋል» ይላል፣ 4ኛው «ተፈጭቶ የቆየ ቡና እንደ ትኩሱ አይሸትም»፣ 5ኛው «ቆልተው ያስቀምጡ፣ ሊጠጡ ሲሉ ይፍጩ»። እህቴ 4ኛው ላይ ሰለቸኝ አለች።

እህትሽ ልክ ናት። 4ኛውን በእጅሽ ሸፍኚና ከ3 ወደ 5 አንብቢ። የጠፋ ነገር አለ? የለም። ስለዚህ ቃላቱን ብታሳምሪው ዋጋ የለውም፣ ያው አንድ ሐሳብ ልብስ ቀይሮ ነው የመጣው። 3ኛውን ያነበበ ሰው በሆዱ «ለምን?» ይላል፣ 4ኛው ግን ያንኑ ደግሞ ይነግረዋል፣ ጣቱም እዚያው ይቆማል። እኔ ብሆን እንዲህ እጽፈው ነበር፦ «ፍሬው ሲፈጭ አየር የሚነካው ገጽ ይበዛል። መዓዛው የሚያመልጠው በዚያ ነው።» 5ኛውን አትንኪው። አሁን ምክንያት ስላገኘ ትእዛዝ አይመስልም።

ታዲያ 4ኛውን ማጥፋት አይቀልም?

ብዙ ጊዜ አዎ፣ እኔም መጀመሪያ የምሞክረው እሱን ነው። ኢንስታግራም እስከ 20 ስላይድ ስለፈቀደ መሙላት ግዴታ አይደለም። እዚህ ጋ ግን ብታጠፊው «ለምን?» የሚለው ሳይመለስ ይቀራል። አንባቢዎቹ ራሳቸው ቡና የሚቆሉ ሰዎች ቢሆኑ ምክንያቱን ስለሚያውቁት አጠፋው ነበር።

መደጋገም እኮ ያስታውሳል፤ ማስታወቂያ ሁሉ የሚደጋግመው ለዚያ ነው።

ግማሹ እውነት ነው። ማስታወቂያው ግን ዛሬ ታይቶ ነገ ነው የሚመለሰው፣ አንተ ደግሞ ሰውየው ከሁለት ሰከንድ በፊት ያነበበውን ነው የምትነግረው፣ ገና መች ረሳውና? መድገም ካማረህ መጨረሻው ስላይድ ላይ አድርገው።

የኔ ችግር የፊደል መጠን ነው። አማርኛው ይረዝምብኛል፣ አንዱን ሐሳብ ለሁለት እከፍለዋለሁ።

ይሄ ሌላ ጉዳይ ነው፣ ግን እዚህም ድግግሞሽ ሾልኮ ይገባል። ሁለተኛውን ክፍል «ይህም ማለት» ወይም «ከላይ እንዳልነው» ብለህ ጀምረህ እንደሆነ እየው። ከጀመርክ ግማሹ ቦታ የበፊቱን በማስታወስ ነው ያለቀው። ያንን ስታወጣ አንዳንዴ አንድ ስላይድ ይበቃል። ቀለምና ፊደል ከዚያ በኋላ።

4ኛው ላይ «ለምን ይመስላችኋል?» ብቻ ጽፌ መልሱን 5 ላይ ባደርገውስ?

እኔ አልወደውም፣ አንድ ሙሉ ስላይድ አንሸራትቼ ጥያቄ ብቻ ሳገኝ የተሸወድኩ ይመስለኛል። አብራኝ የምትሠራ ልጅ ግን ሁሌ ታደርገዋለች፣ ሰዎችም ኮሜንት ላይ ይመልሱላታል። እስካሁን አልተግባባንም። ሁለቱንም ሠርተሽ ለሦስት ሰው ስጪና ጣታቸው የት ጋ እንደሚዘገይ እዪ።

ሦስት ሰው ምን ያሳያል?

ብዙ አያሳይም። ሦስቱም አንድ ቦታ ላይ ከቆሙ ግን እዚያ ስላይድ ላይ አንድ ነገር አለ።